የግንባታ ዕቃን በስፔሲፊኬሽን መምረጥ፦ የሐረር ምሳሌ

የግንባታ ዕቃን በስፔሲፊኬሽን መምረጥ ማለት ሲሚንቶን፣ ቀለምን ወይም የጣሪያ ቆርቆሮን በዋጋው ወይም በስሙ ብቻ ሳይሆን፣ በዕቃው ላይ በተጻፈውና ሊለካ በሚችለው ባሕርዩ መምረጥ ነው። በሐረር ይህ ሥራ ለየት ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ዓይነት ግድግዳ ይገኛል። በጀጎል ግንብ ውስጥ ያሉት ነባር ቤቶች በድንጋይና በጭቃ ተገንብተው በኖራ የተቀቡ ናቸው። ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማ የሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች ግን በአብዛኛው ብሎኬትና ሲሚንቶ ናቸው። ለአንደኛው ግድግዳ የሚስማማ ዕቃ ሌላኛውን ሊያበላሽ ይችላል።

ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ በግንቡ ውስጥ ያለ ቤት ሲጠገን፣ ዕቃ ከመገዛቱ በፊት የክልሉን የቅርስ መሥሪያ ቤት ማማከር ይገባል።

ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ አንድ ግቢ እንደ ምሳሌ ይወስዳል፦ ጥገና የሚያስፈልገው ነባር የድንጋይ ክፍል አለ፤ ከጎኑም 5 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ አዲስ የብሎኬት ክፍል ይሠራል።

## የነባሩ ግድግዳ ጠባይ

በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል። እርጥበቱ ወደ ላይ ወጥቶ በግድግዳው ፊት በኩል በንፋስና በፀሐይ ይደርቃል። የኖራ ልስንና የኖራ ቀለም ቀዳዳ ስላላቸው ይህን መውጫ አይዘጉም። ግድግዳው ብዙ ዘመን የሚቆየው ውሃ ስለማይገባበት ሳይሆን፣ የገባው ስለሚወጣለት ነው።

ይህ ግድግዳ በሲሚንቶ ተለስኖ በፕላስቲክ ቀለም ሲቀባ መውጫው ይጠባል። እርጥበቱ ከልስኑ ጀርባ ይከማችና ጭቃውን ያለሰልሳል። ሲሚንቶ ጠንካራና ግትር ነው፤ ጭቃ ግን ለስላሳ ስለሆነ ሁለቱ አብረው አይንቀሳቀሱም። በመጨረሻ ልስኑ ከግድግዳው ይለያል፤ ሲወድቅም የጭቃውን ፊት ይዞ ይወድቃል።

ጉዳቱ ቀድሞ ይታወቃል። ቀለሙ እንደ ፊኛ ያብጣል፤ ከወለሉ ከፍ ብሎ ነጭ የጨው ዱቄት ይታያል፤ ልስኑ በጣት ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። በዚህ ጊዜ በላዩ ላይ ሌላ ቀለም መቀባት ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ምክንያቱን አያስወግድም። የተለያየው ልስን ተነሥቶ፣ ግድግዳው ደርቆ፣ በኖራ መለሰን አለበት። የተለመደው ድብልቅ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ነው። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ በዝግታ ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፀሐይ ተከልሎ ውሃ በስሱ ይረጭበታል።

## ሲሚንቶ

ለአዲሱ የብሎኬት ክፍል ሲሚንቶ ትክክለኛ ዕቃ ነው፤ ጥያቄው የትኛው የሚለው ነው። በገበያ የሚታወቁት ሁለት ዓይነቶች ኦፒሲ እና ፒፒሲ ናቸው። በኦፒሲ ውስጥ ሌላ ነገር ብዙ አይጨመርም። ፒፒሲ ግን ፖዞላና የሚባል፣ ብዙ ጊዜ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚገኝ ዱቄት ይቀላቀልበታል።

በከረጢቱ ላይ 32.5 ወይም 42.5 የሚል ቁጥር ይጻፋል። ይህ ቁጥር በደረጃው መሠረት የተሠራ ናሙና በ28ኛው ቀን ቢያንስ ሊሸከመው የሚገባውን ጫና በኒውተን በካሬ ሚሊሜትር ያሳያል። ለግንብ ማያያዣና ለልስን 32.5 ይበቃል። ብረት ለሚገባበት ቢምና ኮለን ኢንጂነሩ 42.5 ካዘዘ ያንኑ መግዛት ያስፈልጋል። ለልስን 42.5 መግዛት ወጪ ከመጨመሩ በላይ፣ ሲሚንቶ የበዛበት ልስን ቶሎ ስለሚሰነጠቅ ጥቅም የለውም።

ቁጥሩ የሚሠራው ሲሚንቶው ትኩስ ሲሆን ነው። የተመረተበት ቀን ይታያል፤ ሦስት ወር የሞላው ወይም መሬት ላይ ተደርድሮ የከረመ ሲሚንቶ ይጠረጠራል። ከረጢቱ ሲከፈት በጣት የሚፈርስ ጓል በክምር ጫና የመጣ ሊሆን ይችላል። በጣት የማይፈርስ ጓል ግን እርጥበት አግኝቶ የጠነከረ ስለሆነ ለቢም አይሆንም።

## ቀለም

የቀለም ስፔሲፊኬሽን ሲነበብ ሁለት ነገሮች ይፈለጋሉ፦ ቀለሙ እንፋሎት ምን ያህል ያሳልፋል፣ አንድ ሊትር ስንት ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በአውሮፓ ደረጃ የውጭ ቀለሞች እንፋሎት በማሳለፍ አቅማቸው ከቪ1 እስከ ቪ3 ይመደባሉ፤ በብዛት የሚያሳልፈው ቪ1 ነው። ለነባሩ ግድግዳ ግን ቀላሉ ምርጫ ያው የኖራ ቀለም ነው። እንደ ወተት ቀጥኖ፣ ግድግዳው ረጠብ ተደርጎ፣ በስሱ ደጋግሞ ይቀባል። ሲቀባ ግድግዳውን የሚያሳይ ቢመስልም ሲደርቅ ይነጣል፤ ስለዚህ አወፍሮ መቀባት አያስፈልግም፤ ከወፈረ ይላጣል።

አዲሱን ክፍል ፕላስቲክ ቀለም መቀባት ይቻላል። ዙሪያው 18 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር ከሆነ የውስጥ ግድግዳው 54 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ለበርና ለመስኮት 4 ሲቀነስ 50 ይቀራል። ጣሳው ላይ አንድ ሊትር 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ተብሎ ከተጻፈ፣ ለሁለት ዙር 10 ሊትር ያስፈልጋል። አዲስ የሲሚንቶ ልስን አራት ሳምንት ያህል ሳይደርቅ ከተቀባ ቀለሙ ይላጣል ወይም ይለቃል።

## ቆርቆሮ

ቆርቆሮ የሚሸጠው በጌጅ ነው። ጌጁ ከፍ ሲል ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ የሳሳ ነው። ሆኖም የጌጅ ሠንጠረዦች ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ስለሚለያዩ፣ ሻጩን በሚሊሜትር መጠየቅ ይሻላል።

የተነገረውን ውፍረት በሚዛን ማረጋገጥ ይቻላል። ሲባጎ በቆርቆሮው ሞገድ ላይ እያስጠጉ ከዳር እስከ ዳር በመዘርጋት እውነተኛው ወርድ ይለካል። 90 ሴንቲ ሜትር ከሆነና ቁመቱ 2 ሜትር ከሆነ ስፋቱ 1.8 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት በካሬ ሜትር 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 0.3 ሚሊሜትር የተባለው አንድ ቆርቆሮ፦

1.8 × 0.3 × 7.85 = 4.24 ኪሎ

መሆን አለበት። አሥሩ አንድ ላይ ሲመዘኑ 42 ኪሎ ያህል ይሆናሉ። ሚዛኑ 28 ኪሎ ካሳየ ቆርቆሮው 0.2 ሚሊሜትር ነው፤ ገዢው የሚከፍለው ለሌለ ብረት ነው።

ሚዛን የማያሳየው የዚንክ ልባሱን ነው። ልባሱ በሁለቱም ፊት ተደምሮ በግራም በካሬ ሜትር ይገለጻል፤ ዜድ 275 ማለት 275 ግራም ነው። ውፍረቱ እኩል የሆነ ሁለት ቆርቆሮ ቢኖር፣ ልባሱ የሳሳው ቀድሞ ይዝጋል። እርጥብ ሲሚንቶና ኖራም ዚንክን ስለሚበሉ፣ በልስን ጊዜ ቆርቆሮው ላይ የተረጨ ሳይደርቅ መታጠብ አለበት።