ዓሦቹን የገደላቸው ምንድን ነው? የስድስት ነጥብ ጥያቄ

«ከእርሻ ማሳ በዝናብ የሚታጠብ ማዳበሪያ በሐይቅ ውስጥ የሚኖሩ ዓሦችን ለሞት የሚዳርገው እንዴት እንደሆነ ደረጃ በደረጃ አብራሩ። (6 ነጥብ)»

የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ ተማሪ የሚያውቀው ዓይነት ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጻፍለት መልስ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ማዳበሪያው ውሃውን ይመርዘዋል፤ ዓሦቹም ይሞታሉ።» ይህ መልስ ነጥብ አያስገኝም። ዝናብ አጥቦ ሐይቅ የሚያደርሰው ማዳበሪያ አብዛኛውን ጊዜ ዓሣን በቀጥታ የሚመርዝ መጠን የለውም። ዓሣው የሚሞተው ኦክስጅን አጥሮት ነው። ኦክስጅኑን ማን እንደጨረሰበት ያስረዳ ተማሪ ጥያቄውን መለሰ ማለት ነው። ሂደቱ ዩትሮፊኬሽን ይባላል፤ ውሃ ከልኩ በላይ ሲመገብ የሚደርስበት ነገር ነው። ስድስቱን ነጥቦች በተራ እንያቸው።

1ኛ ነጥብ፦ ማዳበሪያው ከማሳ ይወጣል

ዩሪያ ናይትሮጅን ይዟል፤ ዳፕ ደግሞ ናይትሮጅንም ፎስፈረስም አለው። ሁለቱ ከማሳ የሚወጡበት መንገድ ለየቅል ነው። ናይትሮጅን አፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ይለወጥና በውሃ ሟሙቶ ይሄዳል። ፎስፈረስ ግን የአፈር ቅንጣት ላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ አብዛኛው የሚጓዘው ከአፈሩ ጋር ነው። በሐምሌ ወንዙ ቀልቶ ሲወርድ የምናየው ደለል ፎስፈረስም ተሸክሟል። ማዳበሪያው በተበተነ ማግስት ከባድ ዝናብ ከጣለ፣ ማሳው ተዳፋት ከሆነ፣ ወንዙ ዳርም ሣርና ቁጥቋጦ ካልቀረ የሚታጠበው ይበዛል።

2ኛ ነጥብ፦ አልጌ ይንሰራፋል

አልጌ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አረንጓዴ ሕይወት ነው። ፀሐይ አለለት፣ ውሃም አለለት፤ በሐይቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ፎስፈረስ ነው። ይህን በጉልህ ያሳየ ሙከራ በ1973 እ.ኤ.አ. በካናዳ ኦንታሪዮ ተካሂዷል። ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ «ሐይቅ 226» የተባለውን፣ ወገቡ ላይ የጠበበ ትንሽ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። በሁለቱም ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ፤ በአንደኛው ወገን ብቻ ፎስፈረስም አከሉበት። ፎስፈረስ ያገኘው ወገን አረንጓዴ ሲሆን ሌላው እንደጠራ ቀረ። በናሙና ደብተር ሊቀር ይችል የነበረው ውጤት ከአውሮፕላን በተነሳ ፎቶግራፍ ለማንም ታየ።

የክረምት ደለል ውሃውን ሲያደፈርሰው አልጌም ብርሃን ያጣል። ስለዚህ በብዙ ቦታ አረንጓዴው ደምቆ የሚወጣው ጎርፉ ካለፈና ውሃው ከጠራ በኋላ ነው። ምግቡ የመጣበትና ችግሩ የሚታይበት ጊዜ በሳምንታት ሊራራቅ ይችላል።

3ኛ ነጥብ፦ ብርሃን ይጋረዳል

አልጌው የውሃውን ገጽ እንደ ምንጣፍ ሲሸፍነው ከሥር ላሉት ተክሎች ብርሃን አይደርስም። ምግባቸውን መሥራት ያቅታቸዋል፤ ኦክስጅን መስጠትም ያቆማሉ፤ ይሞታሉ። አልጌውም ዕድሜው አጭር ነው። በቀናት ውስጥ እየሞተ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ የሐይቁ ወለል ላይ ብዙ ሬሳ ይከማቻል።

4ኛ ነጥብ፦ ባክቴሪያዎች ይበዛሉ

ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚዘለው ይህን ነጥብ ነው። «አልጌው ኦክስጅኑን ጨረሰው» ብሎ የሚጽፍ ቀረብ ብሏል፤ ነገር ግን አልጌ በሕይወት እያለ ቀን ቀን ከሚወስደው የሚሰጠው ይበልጣል። ዋናዎቹ ጨራሾች የሞተውን አልጌና ተክል የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ናቸው። ማዕድ በተትረፈረፈ ቁጥር ይራባሉ፤ ሁሉም በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይተነፍሳሉ።

5ኛ ነጥብ፦ ኦክስጅኑ ያልቃል

ምን ያህል? በአንድ ከረጢት እናስላው። 50 ኪሎ ዳፕ ውስጥ ያለው ንጹሕ ፎስፈረስ 10 ኪሎ ያህል ነው። ከዚህ ከሃያ እጅ አንዱ፣ ግማሽ ኪሎ ብቻ፣ ሐይቅ ገባ እንበል። ያን ግማሽ ኪሎ አልጌ ሙሉ በሙሉ ቢወስደው ከ50 ኪሎ የሚበልጥ ደረቅ አልጌ ይበቅላል። ያ ሁሉ ሞቶ ሲበሰብስ 70 ኪሎ ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል። በደጋችን ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ የሐይቅ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን 7 ግራም አካባቢ ነው። ስለዚህ ያ ግማሽ ኪሎ ፎስፈረስ 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ባዶ ማድረግ ይችላል፤ ይህም አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው የአንድ ሄክታር ኩሬ ነው።

ይህ ስሌት ጣሪያውን ያሳያል። በእውነተኛ ሐይቅ ከፎስፈረሱ ከፊሉ ጭቃ ውስጥ ይቀበራል፤ ነፋስም ከአየር አዲስ ኦክስጅን ያስገባል። ይሁንና ከሐይቁ በላይ ባለው ተፋሰስ ከረጢቱ አንድ አይደለም። ጭቃውም የያዘውን ለዘላለም አይዝም፦ ወለሉ ኦክስጅን ሲያጣ የተቀበረው ፎስፈረስ ተመልሶ ወደ ውሃው ይለቀቃል። ማዳበሪያው ቢቆም እንኳ ሐይቅ ቶሎ የማይድነው በዚህ ምክንያት ነው።

6ኛ ነጥብ፦ ዓሦቹ ይሞታሉ

በሊትር 5 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲጎድል ብዙ ዓሦች መጨነቅ ይጀምራሉ፤ ከ2 በታች ሲወርድ አብዛኞቹ ብዙ አይቆዩም። ሌሊት ፀሐይ ስለሌለ ኦክስጅን የሚሠራ የለም፤ ሁሉም ግን ይተነፍሳል። ስለዚህ መጠኑ እጅግ የሚያንሰው ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። ዓሣ አስጋሪ ማለዳ ዓሦቹን ውሃው ገጽ ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ ካገኛቸው ምልክቱ ይኸው ነው። ከአየር በቀጥታ መተንፈስ የሚችለው አምባዛ ሲተርፍ ሌሎቹ መሞታቸውም ወደ ኦክስጅን እጥረት ይጠቁማል። አምባዛውም የውሃ ነፍሳቱም በቀን በአንድ ጊዜ ካለቁ ግን ፀረ ተባይ መርዝ መጠርጠር አለበት።

የዓሦች በጅምላ መሞት ሁሉ ከማዳበሪያ አይመጣም። በቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች በብርዱ ወራት የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ከታችኛው ጋር ሲደባለቅ ኦክስጅን የሌለው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዓሦችም በዚያ ሰሞን ሞተው ያውቃሉ። ወሩን፣ ሰዓቱንና የውሃውን ቀለም ሳይጠይቁ ገበሬውን መክሰስ አይገባም።

ሙሉ ነጥብ የሚያገኘው መልስ

«ዝናብ ናይትሬትንና ፎስፌትን ከማሳ አጥቦ ሐይቅ ያስገባል (1)። አልጌ በፍጥነት ይበዛል (1)። የውሃውን ገጽ ስለሚሸፍን ከሥር ያሉ ተክሎች ብርሃን አጥተው ይሞታሉ፤ አልጌውም ይሞታል (1)። አብስባሽ ባክቴሪያዎች የሞተውን እየተመገቡ ይበዛሉ (1)። ሲተነፍሱ በውሃው የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል (1)። ዓሦች ኦክስጅን አጥተው ይሞታሉ (1)።»

ስድስቱ ዓረፍተ ነገሮች ለፈታኙ ይበቃሉ። ለሐይቁ ግን ሁሉም እኩል አይደሉም። ከሁለተኛው ጀምሮ ያሉትን ማስቆም እጅግ ከባድ ነው፤ የሰው እጅ በቀላሉ የሚደርሰው የመጀመሪያው ላይ ነው። ማዳበሪያውን በመስመር ከአፈር በታች መቅበር፣ ደመናው ከብዶ ሳለ አለመበተን፣ እርከን መሥራትና የወንዙን ዳር ሳያርሱ መተው ፎስፈረሱን ሰብሉ ሥር ያቆየዋል። እዚያ የቀረው ፎስፈረስ ጤፍና ስንዴ ይሆናል።