ከ17 እስከ 93 ስንት ቁጥሮች አሉ?

አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ከ17 እስከ 93 ተራ ቁጥር የተጻፈባቸውን የእህል ጆንያዎች ተረከበ እንበል። ሠራተኛው ከ93 ላይ 17 ቀንሶ «76 ጆንያ ተረክቤአለሁ» ብሎ ቢፈርም አንድ ጆንያ ከሒሳብ ውጭ ይቀራል። ይኸውም 17 ቁጥር የተጻፈበት ጆንያ ነው።

ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። ከ1 እስከ 93 ያሉት ሙሉ ቁጥሮች 93 ናቸው። ከእነዚህ መካከል የማይፈለጉት ከ1 እስከ 16 ያሉት ብቻ ናቸው። 17 ሲቀነስ ግን የሚፈለገው 17ኛው ጆንያ ከማይፈለጉት ጋር አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ትክክለኛው ስሌት 93 − 16 = 77 ነው። ይህም ከመጨረሻው ቁጥር ላይ የመጀመሪያውን ቀንሶ 1 ከመደመር ጋር አንድ ነው።

የሚጠራጠር ሰው በትናንሽ ቁጥሮች ይፈትነው። ከ3 እስከ 5 ያሉት 3፣ 4 እና 5 ናቸው፤ ብዛታቸውም ሦስት ነው። 5 − 3 ግን 2 ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ሁልጊዜ 1 አይደመርም። ከ17 እስከ 93 ቁጥር የተሰጣቸው የስልክ ምሰሶዎች በ50 ሜትር ርቀት ተተክለዋል እንበል። ምሰሶዎቹ 77 ናቸው፤ ሽቦው የሚዘረጋው ግን በምሰሶዎቹ መካከል ስለሆነ ክፍተቶቹ 76፣ ርዝመቱም 76 × 50 = 3,800 ሜትር ነው። ሁለቱ የዳር ምሰሶዎች ሳይቈጠሩ በመካከላቸው ያሉት ብቻ ቢፈለጉ ደግሞ 75 ይሆናሉ።

እንግዲህ ከመቀነስ አስቀድሞ የሚቈጠረው ነገሩ ወይስ ክፍተቱ፣ የዳር ቁጥሮችስ ይገባሉ ወይስ አይገቡም ብሎ መለየት ያስፈልጋል።