ካናቢስ በሽንት ውስጥ ስንት ቀን ይታያል?

አሜሪካ ውስጥ ከባድ የጭነት መኪና ለማሽከርከር የሚቀጠር ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሽንት ምርመራ ማድረግ ግዴታው ነው። የሚኖርበት ክፍለ ግዛት ካናቢስን ቢፈቅድም የፌዴራሉ የትራንስፖርት ደንብ ለሾፌር አይፈቅድም። በዚህ ሙያ የተሰማሩ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉምና «ከሰውነት በስንት ቀን ይወጣል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። የተለመደው መልስ «30 ቀን» የሚል ነው። ይህ ቁጥር ግን ለአንዱ እጅግ የበዛ፣ ለሌላው ደግሞ ያነሰ ነው።

ላቦራቶሪው በሽንት ውስጥ የሚፈልገው የሚያሰክረውን ቲኤችሲን አይደለም። የሚፈልገው ጉበት ቲኤችሲን ደረጃ በደረጃ ለውጦ በመጨረሻ የሚያስቀረውን፣ ራሱ የማያሰክረውን ካርቦክሲ ቲኤችሲ የተባለ ሜታቦላይት ነው። ስካሩ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል፤ ሜታቦላይቱ ግን ይቆያል። ስለዚህ አዎንታዊ ውጤት ሰውየው ምርመራው በተደረገበት ሰዓት ሰክሮ እንደነበር አያሳይም።

የሚቆይበት ምክንያት ስብ ነው። አልኮል በውኃ ስለሚሟሟ ከሰውነት ቶሎ ይጠፋል። ቲኤችሲ ግን በስብ ውስጥ ገብቶ ይከማቻል፤ ከዚያም በጥቂት በጥቂቱ ወደ ደም ይመለሳል። ለዓመታት ወተት የተናጠበት ቅል ቢታጠብም የቅቤው ሽታ ቶሎ እንደማይለቀው ማለት ነው። አንድ ቀን ብቻ የሞከረ ሰው ያከማቸው ጥቂት ነው። በየዕለቱ የሚጠቀም ሰው ግን የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬውን ይጨምርበታል።

«ተገኘ» ወይም «አልተገኘም» የሚባለውም በተወሰነ የመለያ ወሰን ነው። በፌዴራሉ የሽንት ምርመራ የመጀመሪያው ማጣሪያ ወሰን በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ናኖግራም ሲሆን፣ ይህን ያለፈ ናሙና ይበልጥ በረቀቀ መሣሪያ በ15 ናኖግራም ወሰን ይረጋገጣል። 45 ናኖግራም ያለበት ሽንት በመጀመሪያው ማጣሪያ «አሉታዊ» ይባላል እንጂ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

አልፎ አልፎ የሚጠቀመውን ሰው በተመለከተ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የታተመ የአሜሪካ ጥናት ጥሩ መነሻ ነው። 3.55 በመቶ ቲኤችሲ ያለበትን አንድ ሲጋራ ያጨሱ ሰዎች በ15 ናኖግራም ወሰን በአማካይ ለ89 ሰዓት ያህል ተገኝቶባቸዋል፤ ይህም አራት ቀን አይሞላም። የሲጋራው ጥንካሬ በግማሽ ሲቀነስ ጊዜው ወደ 34 ሰዓት ወረደ። ዛሬ በገበያ ላይ ያለው ካናቢስ ከዚያ ዘመኑ እጅግ የጠነከረ ስለሆነ፣ እነዚህን ሰዓታት እንደ ዋስትና መቁጠር አይገባም።

የዘወትር ተጠቃሚው ነገር ይለያል። በ1985 የታተመ ጥናት 86 የዘወትር ተጠቃሚዎችን ዳግም እንዳይወስዱ በጥብቅ እየተቆጣጠረ ሽንታቸውን ተከታተለ። ወሰኑ 20 ናኖግራም ሲሆን አማካዩ ጊዜ 27 ቀን ሆነ። ለ46 ተከታታይ ቀናት አዎንታዊ ውጤት የታየበት ሰው ነበር፤ ለአሥር ተከታታይ ቀናት ከወሰኑ በታች ለመቆየት 77 ቀን የፈጀበትም ነበር። ቀጭን ሰው ቶሎ ይጠራል የሚለው የሰፈር ወሬ በዚህ ጥናት ብዙ ድጋፍ አላገኘም፤ የሰውነት ቅርጽ ጊዜውን ለመተንበይ የረዳው በመጠኑ ብቻ ነው።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ሌላው ግኝት ነው። አብዛኞቹ ሰዎች ለጥቂት ቀናት አሉታዊ ውጤት ካሳዩ በኋላ እንደገና አዎንታዊ ሆነዋል። ለአለቃ ወይም ለዳኛ ይህ «ደግሞ ወሰደ» የሚያሰኝ ነው። ሳይወስድ እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደሚችል በምሳሌ እንይ።

አንድ ሰው ሰኞ ብዙ ውኃ ጠጥቶ ናሙና ሰጠ እንበል። ውጤቱ 40 ናኖግራም ነው፤ ከ50 በታች ስለሆነ አሉታዊ ተባለ። ረቡዕ ጠዋት ከእንቅልፉ እንደተነሣ የሰጠው ወፍራም ሽንት ግን 80 ናኖግራም አሳየ። በእጥፍ የጨመረ ይመስላል። አሁን የሽንቱን መቅጠንና መወፈር የሚነግረንን ክሬቲኒን እንጨምርበት፤ ይህም ጡንቻ የሚያመነጨው፣ በየቀኑ በተቀራራቢ መጠን የሚወጣ ንጥረ ነገር ነው። የሰኞው ክሬቲኒን በሚሊ ሊትር 0.4 ሚሊግራም፣ የረቡዑ 1.6 ሚሊግራም ቢሆን፣ ለአንድ ሚሊግራም ክሬቲኒን የሰኞው 100 ናኖግራም፣ የረቡዑ 50 ናኖግራም ይሆናል። ሜታቦላይቱ በእውነቱ በግማሽ ቀንሷል፤ የተለወጠው በሽንቱ ውስጥ ያለው ውኃ ነው።

ስለዚህ ዳግም መጠቀሙ ሲያከራክር በተለያዩ ቀናት የተሰጡ ሁለት ናሙናዎችን ከነክሬቲኒናቸው ማነጻጸር ያስፈልጋል። ይህ ስሌት በደንብ የሚሠራው አልፎ አልፎ በሚጠቀሙት ላይ ነው፤ በዘወትር ተጠቃሚ ላይ ክምችቱ ወጣ ገባ እያለ ስለሚወጣ ጥንቃቄ ይሻል። ከአንድ ናሙና ብቻ ግን መቼ እንደተወሰደም ሆነ ስንት እንደተወሰደ ማወቅ አይቻልም።

ለሾፌሩ ግን ይህ ሁሉ ብዙም አይረዳውም። የፌዴራሉ ደንብ መቼ እንደወሰደ አይጠይቅም፤ ናሙናው በማረጋገጫው ወሰኑን ካለፈ፣ ውጤቱን የሚገመግመው ሐኪም በክፍለ ግዛት ሕግ የተሰጠ የሕክምና ካናቢስ ፈቃድን እንደ ምክንያት አይቀበልም።