ግድግዳ የማይበሳ፣ ሆድ የማያውክ ካሜራ

ኒንቴንዶ በ1996 ያወጣው «ሱፐር ማሪዮ 64» ገና ሲከፈት ላኪቱ የሚባል ገጸ ባሕርይ ብቅ ይላል። ደመና ላይ ተቀምጧል፤ በእጁ በያዘው ዘንግ ጫፍ ላይ ካሜራ ተንጠልጥሏል። ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ የሚያየው ሁሉ በዚህ ካሜራ በኩል ነው ማለት ነው። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ትልቅ መስታወት ያለበት ክፍል አለ፤ እዚያ የገባ ሰው ማሪዮን ብቻ ሳይሆን ከጀርባው የሚንሳፈፈውን ላኪቱንም በመስታወቱ ውስጥ ያገኘዋል።

ላኪቱ አካል አለው። እውነተኛው የጌም ካሜራ ግን የለውም፤ በስሌት የተቀመጠ አንድ ነጥብ ነው። ባለ ሦስት አውታር በሆነና ጀግናው ከውጭ በሚታይበት ጌም ውስጥ ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጀግናው ግድግዳ ሲያጋጥመው ይቆማል፣ ካሜራው ግን ግድግዳ መኖሩን ማንም ካልነገረው አያውቅም።

ጀግናው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ገብቶ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ እንበል። በእሱና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ካሜራው ከኋላው በ3 ሜትር ርቀት እንዲከተል ከታዘዘ፣ አሁን ያለበት ቦታ ከግድግዳው 2 ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ድካም ለመቆጠብ ሲል የግድግዳን የፊት ገጽ እንጂ የጀርባውን አይስልም። ስለዚህ ካሜራው ግድግዳውን ሲበሳ ተጫዋቹ ጨለማ አያይም፤ ግድግዳው እንዳልነበረ ይጠፋና የማይታዩት ክፍሎች፣ የወለሉ ሥር፣ አንዳንዴም ባዶ ሰማይ ይገለጣል። እርስ በርስ በሚዋጉበት ጌም ላይ ደግሞ ጉዳዩ ከመልክ ያልፋል፤ ከግድግዳ ወዲያ የተደበቀ ጠላት ያለ ድካም ይታያል።

የተለመደው መፍትሔ ካሜራውን በማይታይ ክንድ ከጀግናው ጋር ማሰር ነው። ብዙ ስቱዲዮዎች የሚጠቀሙበት አንሪል ኢንጂን ይህንን መሣሪያ «ስፕሪንግ አርም» ይለዋል፤ ሲከፈት ርዝመቱ 300 ሴንቲ ሜትር ነው። ክንዱ በእያንዳንዱ የምስል ቅጽበት ከጀግናው ተነስቶ ወደ ካሜራው ቦታ አንዲት ኳስ ይልካል። ኳሷ ነገር ከነካች ካሜራው እዚያው ይቆማል። ጉዞው ከካሜራው ወደ ጀግናው ሳይሆን ከጀግናው ወደ ካሜራው የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጀግናው ሁልጊዜ ክፍት ቦታ ላይ ነው፣ ካሜራው ግን ላይሆን ይችላል።

ኳስ ለምን አስፈለገ፣ ቀጭን መስመር አይበቃም ወይ? አይበቃም። ካሜራው የሚስለው ከፊቱ በትንሽ ርቀት ካለች የማትታይ መስኮት ወዲያ ያለውን ብቻ ነው። መስኮቷ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ብትሆን፣ የእይታው ስፋት 90 ዲግሪ፣ ስክሪኑም ዛሬ የተለመደው 16 በ9 ቢሆን፣ የመስኮቷ ማዕዘኖች ከካሜራው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ኳሷ ከመሃል እስከ ጠርዟ 12 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነች ማዕዘኖቹ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ተርፈው ይወጣሉ። ሰያፍ የቆመ ግድግዳ ሲገጥም በስክሪኑ ጥግ ላይ ሦስት ማዕዘን ቀዳዳ ብቅ የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። ኳሷን ማወፈር ወይም መስኮቷን ማቅረብ ይቻላል፤ መስኮቷ ከመጠን በላይ ከቀረበች ግን ኮምፒውተሩ ሩቅ ያሉ ነገሮችን የትኛው እንደሚቀድም መለየት ይቸግረውና ገጾቻቸው መብለጭለጭ ይጀምራሉ።

እስካሁን ያለው ጂኦሜትሪ ነው፤ ጂኦሜትሪ ደግሞ ይፈታል። ከባዱ ነገር፣ ግድግዳን የሚያድነው መፍትሔ ራሱ ሰው የሚያሳምም መሆኑ ነው።

ጀግናው ዓምዶች በተደረደሩበት አዳራሽ ውስጥ ይሩጥ። አንድ ዓምድ በእሱና በካሜራው መካከል ባለፈ ቁጥር ክንዱ ከ3 ሜትር ወደ 1 ሜትር ይሰበሰባል፣ ዓምዱ ሲያልፍ መልሶ ይዘረጋል፣ ቀጣዩ ዓምድ ሲመጣ እንደገና ይሰበሰባል። ተጫዋቹ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወረወረ እንደሆነ ይነግረዋል፤ ሚዛን የሚጠብቀው የውስጠኛው ጆሮ ደግሞ ንቅንቅ እንዳላለ ይመሰክራል። በሁለቱ አለመስማማት የተነሳ ራስ ይዞራል፣ ላብ ይመጣል፣ ያቅለሸልሻል። ተጫዋቹ ራሱ በጣቱ ያዞረው ካሜራ ብዙም አያውከውም፤ አንጎሉ የሚመጣውን ቀድሞ ያውቀዋልና። ያላዘዘው እንቅስቃሴ ነው የሚጎዳው።

ስለዚህ የሠለጠነ ካሜራ ሲገባና ሲወጣ ፍጥነቱ አንድ አይደለም። ወደ ጀግናው ሲሰበሰብ ወዲያውኑ ነው፤ ለአንዲት ቅጽበት ቢዘገይ የግድግዳው ሆድ ይታያል። ሲመለስ ግን የሚያስቸኩለው የለም፤ ጥቂት ታግሶ በዝግታ ይዘረጋል። ዓምዶቹ መካከል ከሆነ እንዲያውም ሳይዘረጋ ቀጣዩ ይደርሳል፣ መወርወሩም ይቀራል። እንደ ምሰሶና የዛፍ ግንድ ያሉትን ቀጫጭን ነገሮች ከነጭራሹ ከግጭት ስሌት አውጥቶ፣ ሲያልፉ ብቻ እንዲሳሱ ማድረግ ከዚህም ይሻላል። ሌላው ብልሃት ከኳሷ ግራና ቀኝ እንደ ድመት ጢም ተጨማሪ መስመሮችን መዘርጋት ነው። በቀኝ ያለው መስመር ግድግዳ ከነካ ካሜራው ሳይጋጭ በፊት ቀስ ብሎ ወደ ግራ ይዞራል።

ዝግታው ራሱ ወጥመድ አለው። ብዙ ጀማሪዎች «በእያንዳንዱ ምስል ከቀረው ርቀት አንድ አሥረኛውን ሂድ» ብለው ይጽፋሉ። በሴኮንድ 60 ምስል በሚያሳይ ማሽን ላይ ከግማሽ ሴኮንድ በኋላ የሚቀረው ርቀት 4 በመቶ ገደማ ነው፤ በ30 ምስል ማሽን ላይ ግን 21 በመቶ ያህል ይቀራል። ገንቢው ቢሮ ውስጥ ለስላሳ የሆነለት ካሜራ ደካማ ማሽን ባለው ተጫዋች እጅ ይንቀረፈፋል፤ የምስሉ ብዛት ከፍ ዝቅ ሲል ደግሞ ይንገጫገጫል። ስሌቱ በምስል ቁጥር ሳይሆን ባለፈው ጊዜ ላይ መመሥረት አለበት።

ክንዱን ማሳጠርም አንድ መንገድ ነው። በ2005 የወጣው «ሬዚደንት ኢቭል 4» በቀደሙት ክፍሎች ቦታው ላይ ተተክሎ ይቆም የነበረውን ካሜራ ከጀግናው ትከሻ ጀርባ አስጠግቶ አመጣው። አጭር ክንድ ጥቂት ግድግዳ ይነካል። በምትኩ ግን የጀግናው ዙሪያ ጠብቦ ይታያል፣ ቅርብ ያለው ነገር ሁሉ በስክሪኑ ላይ በፍጥነት ይሮጣል፤ ያም ለሆድ አይበጅም። በዚያ ላይ ካሜራው ወደ ጎን ስለወጣ ክንዱ የሚነሳበት ትከሻ ራሱ ግድግዳ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለዚህ ነው ኳሷ መጀመሪያ ከጭንቅላት ወደ ትከሻ፣ ከዚያ ከትከሻ ወደ ካሜራው በሁለት ዙር የምትላከው።

የ«ጆርኒ»ን ካሜራ የሠራው ጆን ኔስኪ በ2014 በጌም ገንቢዎች ጉባኤ ላይ ስለ ሃምሳ የጌም ካሜራ ስህተቶች ንግግር አድርጎ ነበር። ዝርዝሩ ሃምሳ መድረሱ አያስገርምም፤ የሰው ሆድ ሁሉ አንድ ባለመሆኑ ለሁሉም የሚስማማ አንድ ቅንብር የለም። በ2020 የወጣው «ዘ ላስት ኦቭ አስ ፓርት 2» ምርጫውን ለተጫዋቹ ትቶለታል፤ የካሜራውን መንቀጥቀጥና የእንቅስቃሴ ብዥታን መቀነስ፣ ስክሪኑ መሃል ላይም ዓይን የሚያርፍባት ነጥብ ቋሚ ማድረግ ይቻላል።

ቀሪው ሥራ የካሜራ ሠሪው ሳይሆን ክፍሉን የሚሠራው ሰው ነው። በ3 ሜትር ክንድ የሚጫወት ጌም ውስጥ የእውነተኛ ቤት ልክ ያለው ኮሪደር ቢሠራ ካሜራው መዞሪያ አጥቶ ከጀግናው ማጅራት ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ በእነዚህ ጌሞች ውስጥ በሮቹ ከጀግናው ቁመት ጋር ሲተያዩ የጋራዥ በር ያህል ይሰፋሉ፣ ጣሪያዎቹ ከፍ ይላሉ፣ የቤት ዕቃውም ግድግዳውን ታኮ መሃሉን ይለቃል።