መምህሩ የሉም፤ ማንን ልጠይቅ?

ለ2 ሳምንት ሥልጠና የሚሄድ መምህር ኢሜይሉ ላይ የሚተወው መልስ ብዙ ጊዜ «በቅርቡ እመለሳለሁ» የሚል ነው። ወላጅ በዚህ ምን ያድርግበት? የ10ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር እንዲህ ቢጽፍ ይሻላል፦

«ከጥቅምት 10 እስከ 21 ሥልጠና ላይ ስለሆንኩ ኢሜይል አላነብም። ሰኞ ጥቅምት 24 (ኖቬምበር 3) ሥራ እገባለሁ። ስለ ፈተና ውጤት የሒሳብ ክፍል ተጠሪዋን ይጠይቁ፤ ስልካቸው ከታች አለ። ልጅ ለማስፈቀድ ዩኒት ሊደሩን ያነጋግሩ።»

ጂሜይል ላይ ይህ የሚሞላው Vacation responder በሚለው ቦታ ነው። ስህተቱም የሚጀምረው እዚያው ነው፤ ቀኑን የሚቀበለው በፈረንጆች አቆጣጠር ነዋ! ጥቅምት 10 ማለት ኦክቶበር 20 ነው። ኦክቶበር 10 ብሎ የሞላ መምህር ገና ክፍል ገብቶ እያስተማረ ኢሜይሉ «የለሁም» ይልለታል። ማብቂያውን ደግሞ ኖቬምበር 2 ማድረግ ነው፤ ባዶ ከተተወ መምህሩ ተመልሶም መልሱ መላኩን አያቆምም።

ከሁሉ የከፋው ግን ተጠሪዋ ሳያውቁ ስልካቸውን መስጠት ነው። ወላጅ ይደውላል፣ እሳቸው እጅ ማርክ ሊስት የለም። ስልካቸውን ከመጻፍዎ በፊት ያስፈቅዷቸው፤ የማርክ ሊስቱንም ቅጂ ያስረክቧቸው።