ሶሊቴር፦ አንድ በአንድ ወይስ ሦስት በሦስት?

በአንድ ቤት ሁለት ሰዎች ሶሊቴር ይጫወታሉ እንበል። አንዷ ብዙ ጊዜ ታሸንፋለች፤ ሌላው በሳምንት አንዴ ከቀናው ትልቅ ነገር ነው። ማን ጎበዝ እንደሆነ ከመፍረድ በፊት ግን ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባል፦ ካርታው በአንድ ጊዜ ስንት ይገለጣል? ክምሩ ሲያልቅስ ስንት ጊዜ መልሶ ማዞር ይፈቀዳል?

የምናወራው ስለ ክሎንዳይክ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ መጥቶ በየቢሮው የገባው ጨዋታ። ከ52ቱ ካርታ 28ቱ በሰባት ዓምድ ይደረደራሉ፤ 24ቱ ተደፍተው በክምር ይቀመጣሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ከእነዚህ 24 ካርታዎች ነው።

አንድ በአንድ እየገለጡ ያለ ገደብ የሚያዞሩ ከሆነ፣ ሃያ አራቱም በእጅዎ እንዳሉ ይቁጠሩት። ዛሬ ቦታ ያጣው ቀይ 6፣ ጥቁር 7 ሲወጣለት ተመልሶ ይመጣል። ሦስት በሦስት ሲሆን ግን መጫወት የሚቻለው ከሦስቱ የላይኛውን ብቻ ነው። ካርታዎቹን በአወጣጣቸው ከ1 እስከ 24 ብንቆጥራቸው፣ በመጀመሪያው ዙር ከላይ የሚሆኑት 3ኛው፣ 6ኛው፣ 9ኛው እያለ እስከ 24ኛው፣ ስምንት ብቻ ናቸው። ምንም ካልተጫወተ በሚቀጥለውም ዙር የሚመጡት እነዚያው ስምንት ናቸው።

አሁን የሚፈልጉት አስ 7ኛው ላይ ነው እንበል። 7፣ 8 እና 9 አብረው ሲገለጡ 9ኛው ከላይ ሆኖ አስዎን ይሸፍነዋል። ነገር ግን በዚሁ ዙር 6ኛውን ካርታ ተጫውተው ከነበረ፣ በሁለተኛው ዙር አቆጣጠሩ በአንድ ይንሸራተታል፤ 4፣ 5 እና 7 አብረው ይወጡና አስዎ ከላይ ይቀመጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 6ኛው ሲነሳ ከሥሩ 5ኛው ብቅ ይላል፤ ቦታ ካለው እጅ ወዲያው ይዘረጋል። 5ኛውንም ከተጫወቱ ግን በሚቀጥለው ዙር 4፣ 7 እና 8 አብረው ይወጣሉ፤ 8ኛው አሱን እንደገና ይሸፍነዋል። 4ኛውንም ከጨመሩ ሦስት ካርታ ስለተነሳ አስዎ በ8ኛውና በ9ኛው ሥር ወደነበረበት ይመለሳል። 24ኛውን መጫወት ደግሞ ከፊቱ ያሉትን ሦስት ሦስት ስብስቦች ምንም አይነካቸውም። ስለዚህ በሦስት በሦስት ጨዋታ የሚጫወት ካርታ ሁሉ መጫወት የለበትም።

ልብ ይበሉ፤ መንሸራተቱ የሚሠራው ክምሩ ሲዞር ብቻ ነው። ማዞር ከተከለከለ 6ኛውን መጫወትዎ ለ7ኛው አስ አይጠቅመውም፤ የሚወጣው 9ኛውና 8ኛው ከላዩ ከተነሱ ብቻ ነው። በዊንዶውስ ውስጥ ያለው የቬጋስ አቆጣጠር ሦስት በሦስት ለሚጫወት ሦስት ዙር ይሰጣል፤ ቅደም ተከተሉን የማንሸራተት ዕድሉም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ማለት ነው። አንድ በአንድ ለሚጫወት ግን የሚፈቀደው አንድ ዙር ነው። «ቀላሉ» የተባለው አጨዋወት በዚህ ሕግ ቀላልነቱ ይቀራል፦ አስ በጊዜው ከወጣ ይነሳል፤ ቦታ የሌለው ቀይ 6 ግን በቀጣዩ ካርታ ይሸፈናል፣ ከላዩ ያሉት ሁሉ ካልተነሱም አይመለስም። በዚህ አቆጣጠር ጨዋታው 52 ዶላር «ያስከፍላል»፤ ወደ አራቱ መጨረሻ ቦታዎች የወጣ እያንዳንዱ ካርታ 5 ዶላር ይመልሳል። 11 ካርታ ያወጣ ባይጨርስም በ3 ዶላር ያተርፋል።

ቻርሊ ብሌክና ኢያን ጄንት የተባሉ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ባደረጉት ስሌት፣ ሦስት በሦስት ሲሆን ከ100 ጨዋታ 82 ያህሉ ሊሸነፉ የሚችሉ ናቸው፤ አንድ በአንድ ሲሆን ወደ 90 ይጠጋል። ይህ ግን የተደፋው ካርታ ሁሉ ቢታወቅና ማዞርም ገደብ ባይኖረው ነው። እኛ የተደፋውን አናይም። በሌላ ጥናት ላይ ልምድ ያለው አንድ የሒሳብ ሊቅ ካርታውን ሁሉ እያየ 2,000 ጨዋታ ሞክሮ ያሸነፈው ከመቶ 37 ያህሉን ነው። ስለዚህ በሦስት በሦስት አልፎ አልፎ የሚያሸንፈውን የቤትዎን ሰው አይናቁት።

መቼ ይተው? ማዞር ገደብ በሌለበት ጨዋታ፣ አንድ ሙሉ ዙር አልፎ አንድም ካርታ ካልተጫወተ፣ ከዓምዶቹም ሆነ ከአራቱ ቦታዎች የሚንቀሳቀስ ከሌለ፣ ቀጣዩ ዙር ያንኑ ይደግማል፤ ጨዋታው አልቋል። ገደብ ባለበት ደግሞ ጥንቃቄው እንደ ዙሩ ይለያያል። በመጀመሪያው ዙር የትኛው ካርታ ከየትኛው ሥር እንዳለ ያስታውሱ፤ ለሚቀጥለው ዙር ሲሉ 5ኛውን መተው የሚያዋጣው ያኔ ነው። በመጨረሻው ዙር ግን ለመንሸራተት ብሎ ካርታ ማስቀረት ትርጉም የለውም።