«ነኝ»፣ «ናት» ወይስ «ናቸው»?

ሊንክድኢን ላይ ገጽ የከፈተ ሰው ከስሙና ከፎቶግራፉ ዝቅ ብሎ About የሚል ክፍል ያገኛል። ክፍሉ ባዶ ቦታውና ሥርዓተ ነጥቡ ተቆጥሮ እስከ 2,600 ፊደል ይይዛል። ጎብኚው በመጀመሪያ የሚያየው ግን ጥቂት መስመሮችን ብቻ ነው፤ የቀረው ካልነኩት አይከፈትም። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ እጁ የሚያዘው የሚጽፈው አጥቶ አይደለም፤ ትምህርቱንም የሥራ ታሪኩንም ያውቀዋል። የሚቸግረው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ ነው። «የሒሳብ ባለሙያ ነኝ» ይባል ወይስ እንደ ጋዜጣ «የሒሳብ ባለሙያ ናት»?

እንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ምርጫው ሁለት ነው። እኛ ዘንድ ሦስት ይሆናል፤ ምክንያቱም ሦስተኛው መደብ ራሱ ለሁለት ይከፈላል። «ተመረቀች» ወይም «ተመረቁ» ሳይሉ ስለ ሰው መናገር አይቻልም። ስለ ራሱ «ተመረቁ» ብሎ የጻፈ በገዛ እጁ ራሱን አንቱ ብሏል። «ተመረቀ» ያለ ደግሞ ዕድሜው ከገፋ ጽሑፉን መድረክ ላይ የሚያነበውን ወጣት ያስጨንቀዋል። እንግሊዝኛ የሥራ መግለጫ አይተው ወደ አማርኛ የሚያመጡ ሰዎች ሳያስቡት የሚገቡበት አጣብቂኝ ይህ ነው።

ነገሩ እንዲታይ አንዲት የሒሳብ ባለሙያ እናስብ። አሥር ዓመት በአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ሠርታ አሁን በግሏ የትንንሽ ነጋዴዎችን ሒሳብ መያዝ ጀምራለች። ስሟን እገሊት እንበላት። ሊንክድኢን ላይ መጀመሪያ የጻፈችው እንዲህ ይላል እንበል፦

«እገሊት በሒሳብ አያያዝ ዘርፍ አንቱ የተባለች፣ የካበተ ልምድ ያላት፣ ታታሪና ለሙያዋ ታማኝ የሆነች ባለሙያ ናት። በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪዋን በከፍተኛ ማዕረግ ያገኘች ሲሆን በተለያዩ ተቋማት በተለያዩ የሥራ መደቦች አገልግላለች።»

ሰዋስዉ አልተበላሸም። ነገር ግን ገጹን የከፈተችው እሷ፣ ፎቶግራፉን የለጠፈችው እሷ፣ መልእክት ቢላክም የምትመልሰው እሷ መሆኗን የማያውቅ አንባቢ የለም። ስለዚህ «አንቱ የተባለች» የሚለውን ሲያነብ «ማን አላት?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ ዓረፍተ ነገሩን ወደ አንደኛ መደብ መልሶ ጮክ ብሎ ማንበብ። «አንቱ የተባልኩ፣ ታታሪና ለሙያዬ ታማኝ የሆንኩ ባለሙያ ነኝ» የሚለውን ሳይስቅ የሚጨርስ ሰው ያለ አይመስለኝም። በ«ነኝ» ለመናገር የሚያሳፍር ነገር በ«ናት» ሲነገር ያላሳፈረው ሌላ ሰው የተናገረው ስለመሰለ ብቻ ነው፤ የራስ ገጽ ላይ ደግሞ ያ ሌላ ሰው የለም።

አንደኛው መደብ ውዳሴውን ሲያወጣው ክፍት ቦታ ይተዋል፤ የሚሞላውም በሥራ ነው። ያቺው ባለሙያ እንደገና ስትጽፈው ይህን ሊመስል ይችላል፦

«መርካቶና አካባቢው ላሉ ትንንሽ ሱቆች ሒሳብ እይዛለሁ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ የሚመጡት ደረሰኛቸውን በፌስታል ይዘው ነው፤ ለይቼ፣ መዝግቤ ለግብር የሚቀርብ ሒሳብ አደርገዋለሁ። ከዚህ በፊት አሥር ዓመት በአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ተበዳሪዎች የሚያቀርቡትን ሒሳብ ስመረምር ቆይቻለሁ። ስለዚህ አበዳሪ የትኛውን ቁጥር ቀድሞ እንደሚያይ አውቃለሁ።»

እዚህ ውስጥ «እኔ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜም አልገባም። በአንደኛ መደብ መጻፍ የሚፈሩ ብዙ ሰዎች «እኔ፣ እኔ» የሚል ጽሑፍ ይወጣኛል ብለው ነው የሚሰጉት። አማርኛ ግን ባለቤቱን በግሱ ውስጥ ስለሚሸከም «እይዛለሁ» ካሉ በቂ ነው። «እኔ» የሚያስፈልገው ከሌላ ሰው ለመለየት ሲሆን ብቻ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ «ሠርቻለሁ» የተናገረው ወንድ ይሁን ሴት አይለይም፤ «ሠርታለች» ግን ወዲያው ይናገራል። ጾታዋ ከሙያዋ ቀድሞ እንዳይነበብ ለምትፈልግ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ሦስተኛው መደብ መቼ ነው የሚያስፈልገው? ተናጋሪው በእርግጥ ሌላ ሰው ሲሆን። እገሊት ለነጋዴዎች በሚሰጥ ሥልጠና ላይ እንድትናገር ተጋበዘች እንበል። አዘጋጆቹ ለመርሐ ግብሩ ወረቀት 80 ቃል ያህል መግለጫ ይጠይቋታል፤ ያንኑ ወረቀት የመድረክ መሪው ከፍ አድርጎ ያነበዋል። የመድረክ መሪ ደግሞ «ሒሳብ እይዛለሁ» ብሎ ሊያነብ አይችልም። እዚያው ቆሞ ግሱን እየለወጠ ለማንበብ ከሞከረ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ መሰናከሉ አይቀርም።

ስለዚህ ቤቷ ተቀምጣ ትለውጠዋለች። ስህተት የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው። የዓረፍተ ነገሩን ማሰሪያ ሁሉም ሰው ያስታውሰዋል፤ የሚረሳው መሐል ላይ ያለው ነው። «አሥር ዓመት በብድርና ቁጠባ ተቋም ሠርቼ በግሏ መሥራት ጀመረች» የሚል ዓረፍተ ነገር የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው፤ መጨረሻው ተለውጦ «ሠርቼ» ሳይነካ ቀርቷል። «ለይቼ»፣ «መዝግቤ»፣ «ደንበኞቼ»፣ «ሙያዬ» ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። ስለዚህ ከመላክ በፊት ማሰሪያዎቹን ትቶ መካከለኛዎቹን ግሶችና የባለቤትነት ቅጥያዎቹን ብቻ እየፈለጉ አንድ ጊዜ ማንበብ ያዋጣል። ጊዜና ቦታ ጠቋሚ ቃላትም አብረው ይለወጣሉ። «ባለፈው ዓመት» የራሷ ገጽ ላይ ልታድሰው ትችላለች፤ በታተመ ወረቀት ላይ ግን ዓመተ ምሕረቱን መጻፍ ይሻላል፣ ወረቀቱ መቼ እንደሚነበብ አይታወቅምና።

ከዚያ የአክብሮቱ ጥያቄ ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጣላው ማዕረጉና ግሱ ነው። «ወይዘሮ እገሊት የሒሳብ ባለሙያ ናት» የሚለው ጆሮ ላይ ይቆረቁራል፤ «ወይዘሮ» ካሉ «ናቸው» ማለት ይከተላል። ጋዜጦቻችንን ያነበበ እንደሚያውቀው አትሌትና ድምፃዊ ብዙ ጊዜ በ«አሸነፈ»ና በ«ዘፈነች» ይጠራሉ፤ ሚኒስትሩ ግን «ገለጹ» ይባላሉ። ይህ የማናናቅ ጉዳይ አይደለም፤ የቅርበት ልማድ ነው። ስለዚህ ራሷ ለምትጽፈው መግለጫ በማዕረግ ፈንታ ሙያዋን ከስሟ ጋር ብታያይዝ ግሱም ቀላል ይሆንላታል፦ «የሒሳብ ባለሙያዋ እገሊት ለትንንሽ ሱቆች ሒሳብ ትይዛለች።» የመድረክ መሪው ከወደደ «ይይዛሉ» ብሎ ከፍ ያደርጋታል። አክብሮቱ ያኔ ከእሱ የመጣ ይሆናል፤ እሷ ለራሷ ጽፋው እሱ ቢያነበው ግን ያ አይሆንም።

ጸጉራቸው ለሸበተ፣ ተማሪዎቻቸው ራሳቸው አስተማሪ ለሆኑ ፕሮፌሰር ይህ መፍትሔ አይበቃም። «ያስተምራል» ብለው ቢልኩ አዘጋጁ ሊያነበው ይቸግረዋል፣ «ያስተምራሉ» ብለው ቢልኩ እሳቸው ያፍራሉ። የሚሻለው ነጥቦቹን ያለ ግስ መላክ ነው፦ የሥራ ቦታ፣ የትምህርት ዘርፍ፣ የታተሙ መጻሕፍትና ዓመታቸው። ዓረፍተ ነገሩን አዘጋጁ ይሥራው።

አንድ ነገር ግን ሁሉም ቢጠነቀቅበት ደስ ይለኛል። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በዚህ ዓመተ ምሕረት ተወለዱ» ብሎ የሚጀምር መግለጫ የአማርኛ ሰሚ አዘውትሮ የሚሰማው በቀብር ቀን ነው፣ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ። በአንድ ስብሰባ ላይ በሕይወት ያለ ተናጋሪን በዚያ አነጋገር ማስተዋወቅ አዳራሹን ያለ ምክንያት ያከብደዋል። ለሥልጠና የመጣ ነጋዴ የአሠልጣኟን የትውልድ ቀበሌ ማወቅ አያስፈልገውም። መጽሐፍ ጀርባ ላይ ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ የልብ ወለድ አንባቢ ደራሲው ያደገበትን አገር ማወቅ ይወዳል፤ ስለዚህ የትውልድ ቦታ እዚያ ሥራ አለው።

መጽሐፍ ሁለቱንም መደቦች ጎን ለጎን የሚያሳይ ነገር ነው። መቅድሙ ውስጥ ደራሲው «ይህን መጽሐፍ ለመጻፍ የተነሣሁት» ይላል፣ በስሙም ይፈርማል። የጀርባው ሽፋን ላይ «ደራሲው» ተብሎ ይነገርለታል፤ ምክንያቱም እዚያ የሚናገረው አሳታሚው ነው። እርግጥ በአገራችን ብዙ ደራሲ መጽሐፉን በራሱ ገንዘብ ስለሚያሳትም የጀርባውንም የጻፈው ራሱ የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ያም ሆኖ አንባቢ ያንን ቦታ የሌላ ሰው ድምፅ አድርጎ ይቀበለዋል። እዚያ ላይ «ተወለድኩ» ቢል መጽሐፉ ራሱን የሚያሻሽጥ ይመስላል።

የመሥሪያ ቤት ገጽ የሠራተኞቹን መግለጫ ሲያወጣም ሦስተኛው መደብ ይስማማል፤ ተናጋሪው ድርጅቱ ነውና። ችግሩ ሥራ አስኪያጁ «ይመራሉ» ተብለው ከሥር ያለችው ገንዘብ ያዥ «ትሠራለች» ስትባል ነው። ሁለቱ ለየብቻ ሲነበቡ ምንም የለባቸውም፤ በአንድ ገጽ ላይ ግን የደረጃ ሰሌዳ ይሆናሉ፤ ገንዘብ ያዧም ደንበኛውም ያዩታል። አንዱን መርጦ ለሁሉም እኩል ማድረግ ነው። እኔ ብጠየቅ «ያገለግላሉ»ን ለሁሉም እሰጥ ነበር። ወጣቶች የሚበዙበት፣ በስም የሚጠራሩበት ቤት ደግሞ ሁሉንም «ትሠራለች፣ ይሠራል» ቢል ያምርበታል።

የቀረው «እኛ» ነው። በግሉ የሚሠራ ሰው ብቻውን መሆኑ እንዳያሳንሰው እየፈራ «ድርጅታችን ብቁ ባለሙያዎችን ይዞ» ብሎ ይጽፋል። እገሊትም ልትፈተን ትችላለች። ደንበኛው ሲደውል የምታነሣው እሷ፣ ሱቁ ድረስ የምትመጣው እሷ፣ ደረሰኝ የምትለየው እሷ ከሆነች «ባለሙያዎቹ የት አሉ?» ማለቱ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ስለ ሒሳቡ የምትነግረውንም በጥርጣሬ ያየዋል። «ብቻዬን ነው የምሠራው፤ የምትነጋገሩት ሒሳባችሁን ከምትይዘው ሰው ጋር ነው» ብትል ግን ብቸኝነቱ ራሱ ለአንድ ባለሱቅ መምረጫ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ረዳት የቀጠረች ዕለት የድርጅቱን ገጽ «እንይዛለን» ብላ ትለውጠዋለች። የራሷ ገጽ በ«እይዛለሁ» ይቀጥላል።